ሲግናሉ ሙሉ፣ ኢንተርኔቱ ግን ዘገምተኛ፦ ስልክዎ የያዘውን ሞገድ ለምን አይለቅም?

ቴክኖሎጂ በቤታችን

በዚህ ወር የመረጥነው ጥያቄ ከቆሼ የደረሰን ነው። ቆሼ ስንል የአዲስ አበባውን ሰፈር ሳይሆን የማረቆዋን፣ ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን፣ በበርበሬዋ የምትታወቀውን ከተማ ማለታችን ነው። ጠያቂያችን የሦስት ልጆች እናት ናቸው። ባለቤታቸው በርበሬና እህል ይነግዳሉ። ከመንገዱ ጋር የተያያዘው ሱቃቸው፣ ከሱቁ ጀርባ መኖሪያ ቤታቸው፣ ከግቢው መጨረሻ ደግሞ ሦስት የሰርቪስ ክፍሎች አሏቸው። ትልቋ ልጃቸው ለ12ኛ ክፍል ፈተና የምትዘጋጀው ጸጥታ በሚገኝበት በመጨረሻው የሰርቪስ ክፍል ነው።

“የልጄ ስልክ ማታ ማታ ትምህርት ስትከታተል ቪዲዮው እየቆመ ያስቸግራታል” ይላሉ። “የሰርቪሱ ክፍል ሩቅ ስለሆነ ነው ብለን ሳሎን እንድትቀመጥ አደረግን። እዚያም ያው ነው፤ ራውተሩ አጠገቧ ሆኖ፣ የዋይፋይ ምልክቱም ሙሉ ሆኖ ቪዲዮው ይቆማል። የሚገርመው የታናሽ ወንድሟ ስልክ እዚያው ሳሎን ውስጥ ይፈጥናል። ባለቤቴ ‘ኢንተርኔቱን ከፍ ወዳለው ፓኬጅ እናሳድገው’ እያለ ነው። በወር የምንከፍለው ሊጨምር ነውና ከመወሰናችን በፊት ምን ትመክሩናላችሁ?”

የእኛ መልስ በአጭሩ “ለጊዜው ገንዘብዎን ይያዙ” የሚል ነው። በሁለቱ ልጆች ስልኮች መካከል ያለው ልዩነት ችግሩ ወደ ቤቱ በሚገባው መስመር ላይ እንዳልሆነ ይናገራል። መስመሩ ደካማ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ስልኮች ይዘገዩ ነበር። ችግሩ ያለው የልጅቷ ስልክ ሩቅ በነበረበት ጊዜ የያዘውን ዘገምተኛ ሞገድ ሳሎን ከገባም በኋላ አለመልቀቁ ላይ ነው።

አንድ ራውተር፣ ሁለት ሞገድ

ዛሬ በብዙ ቤቶች የሚገኘው ራውተር በአንድ ጊዜ በሁለት የሬዲዮ ሞገዶች ይሠራል። አንዱ 2.4 ጊጋኸርዝ፣ ሌላው 5 ጊጋኸርዝ ይባላል። ብዙውን ጊዜ ሁለቱም አንድ ዓይነት የዋይፋይ ስም ስለሚያሳዩ፣ ስልክዎ ከየትኛው ጋር እንደተገናኘ ከስሙ ብቻ ማወቅ አይችሉም።

2.4 ሩቅ ይደርሳል፤ ግድግዳንም በተሻለ ያልፋል። መንገዱ ግን ጠባብ ነው። በዚህ ሞገድ ላይ እርስ በርስ ሳይነካኩ መሥራት የሚችሉት መስመሮች ሦስት ብቻ ሲሆኑ፣ እነሱም ቻናል 1፣ 6 እና 11 ናቸው። የጎረቤት ዋይፋይ፣ ፊት ለፊት ያለው ሆቴል፣ ብሉቱዝ፣ ማይክሮዌቭ ምድጃ ሁሉም የሚሻሙት ይህንኑ ጠባብ መንገድ ነው።

5 ጊጋኸርዝ በተቃራኒው ሰፊ መንገድ ነው። በመካከለኛ ዋጋ የሚሸጥና በአንድ አንቴና የሚሠራ ስልክ በ2.4 ላይ ከራውተሩ ጋር ሊደርስበት የሚችለው የግንኙነት ፍጥነት አብዛኛውን ጊዜ 72 ሜጋ ቢት በሰከንድ ሲሆን፣ ያው ስልክ በ5 ላይ 433 ሊደርስ ይችላል። በእጅ የሚገባው ትክክለኛ ፍጥነት ከሁለቱም በጣም ያነሰ ነው፤ ንጽጽሩ ግን ይሠራል።

የ5 ድክመት ርቀት ነው። በተመሳሳይ ርቀት ላይ፣ ምንም ግድግዳ ሳይኖር እንኳ፣ ስልክዎ ከ5 የሚቀበለው ጉልበት ከ2.4 ከሚቀበለው ሩብ ያህሉን ነው። የብሎኬት ግድግዳ፣ ወፍራም የጭቃ ቤት ግድግዳ ወይም ውኃ የሞላ ሮቶ በመካከል ሲገባ ልዩነቱ ይሰፋል። ቆርቆሮ ደግሞ ሁለቱንም ሞገዶች ይመልሳል። ስለዚህ ስልክ ከራውተር ሲርቅ ወደ 2.4 መሻገሩ ስህተት አይደለም፤ ባይሻገር ኖሮ ግንኙነቱ ይቋረጥ ነበር። ጥያቄው ሲመለስ ለምን አብሮ አይመለስም የሚለው ነው።

የሚወስነው ስልኩ ነው

ብዙ ሰው ስልኮችን ወደ አንዱ ወይም ወደ ሌላው ሞገድ የሚመድበው ራውተሩ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ራውተሩ ሁለቱንም በር ከፍቶ ይጠብቃል፤ በየትኛው እንደሚገባና መቼ እንደሚቀይር የሚወስነው ስልኩ ራሱ ነው። ስልኩ ደግሞ አንድ ልማድ አለው፤ የያዘው እስካልከፋ ድረስ ሌላ አይፈልግም።

ለዚህ ምክንያት አለው። ሌላ ሞገድ መፈለግ ማለት ሥራን ለአፍታ አቁሞ በየቻናሉ እየዞሩ ማዳመጥ ማለት ነው። ይህ ባትሪ ይበላል፤ በስልክ እየተነጋገሩ ከሆነም ድምፁን ያቆራርጣል። ስለዚህ ስልክ ሠሪዎች “ሲግናሉ ከዚህ በታች ሲወርድ ብቻ ፈልግ” የሚል ገደብ ያስቀምጣሉ። አፕል ለአይፎን ያስቀመጠውን ገደብ በይፋ ገልጿል፤ −70 ዲቢኤም ነው። የአንድሮይድ ስልኮች ገደብ እንደ ሠሪው ይለያያል፤ አሠራሩ ግን ተመሳሳይ ነው።

ዲቢኤም የሲግናል ጉልበት የሚለካበት ነው። ቁጥሩ ሁልጊዜ ከዜሮ በታች ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ሲግናሉ ይጠነክራል። −45 በጣም ጠንካራ፣ −65 ለቪዲዮ በቂ፣ −80 ደግሞ ሊቋረጥ የተቃረበ ነው። በ10 በወረደ ቁጥር ጉልበቱ ወደ አንድ አሥረኛ ይቀንሳል።

አሁን ወደ ቆሼው ግቢ እንመለስ። ጠያቂያችን ሁለቱን ሞገዶች በሁለት ቦታ ለክተው እንዲልኩልን ጠይቀናቸው ነበር። የለኩት በታናሽ ልጃቸው አንድሮይድ ስልክ፣ WiFi Analyzer በሚባለው ነፃ መተግበሪያ ነው። በሳሎን ውስጥ 2.4 የሚነበበው −44፣ 5 ደግሞ −52 ሆነ። በመጨረሻው የሰርቪስ ክፍል፣ ከራውተሩ 20 ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ 2.4 −68፣ 5 ደግሞ −83 ሆነ።

በእነዚህ አራት ቁጥሮች የልጅቷን ስልክ ጉዞ መከተል እንችላለን። ከሳሎን በ5 ተገናኝታ ትነሳለች። ግቢውን ስታቋርጥ 5 ከ−70 በታች ይወርዳል፤ ስልኩ ሌላ ይፈልጋል፤ 2.4ን በተሻለ ጉልበት ያገኘዋል፤ ይሻገራል። ይህ ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ወደ ሳሎን ትመለሳለች። አሁን 2.4 ከ−68 ወደ −44 ከፍ ብሏል። ስልኩ ሲያየው የያዘው ሲግናል እየተሻሻለ እንጂ እየከፋ አልሄደም። ገደቡን አልነካም፤ ስለዚህ አይፈልግም።

ቢፈልግም እንኳ ነገሩ ቀላል አይሆንም። አይፎን ለምሳሌ በሥራ ላይ እያለ ለመሻገር አዲሱ ሲግናል ከያዘው ቢያንስ በ8 ዴሲቤል እንዲበልጥ ይፈልጋል፤ ሥራ በሌለው ጊዜ ደግሞ በ12። በሳሎኑ ውስጥ ግን 5 ከ2.4 በ8 ያንሳል እንጂ አይበልጥም። በጉልበት ብቻ ከተለካ 2.4 በገዛ ቤቱ ሁልጊዜ አሸናፊ ነው። በስልክዎ አናት ላይ የሚያዩት የዋይፋይ ምልክትም የሚለካው ይህንኑ ጉልበት ነው፤ ፍጥነትን አይለካም። “ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ቪዲዮው ይቆማል” የሚባለው እንቆቅልሽ የሚፈታው እዚህ ላይ ነው።

ወደ ዘገምተኛው ሞገድ የሚያስገቡ ሁለት ሌሎች በሮች

ስልክ በ2.4 ላይ የሚቀረው ወደ ጓሮ ሲኬድ ብቻ አይደለም። አንደኛው በር የግቢው በር ነው። ከሥራ ወይም ከገበያ ሲመለሱ ስልክዎ መጀመሪያ የሚሰማው ሩቅ የሚደርሰውን 2.4 ነው። በሩ ላይ ሳሉ ይገናኛል፤ ከዚያ እርስዎ ሶፋ ላይ እስኪቀመጡ ድረስ ይሻሻላል እንጂ አይከፋምና እንደያዘ ይቆያል።

ሁለተኛው በር ለእኛ አገር ቤተሰብ ይበልጥ የሚመለከት ሲሆን፣ ብዙዎች አያውቁትም። እሱም የመብራት መጥፋት ነው። መብራት ሲመጣ ራውተሩ እንደ አዲስ ይነሳል። 2.4 ወዲያው ሥራ ይጀምራል። 5 ግን በአንዳንድ ቻናሎች ላይ ወዲያው መናገር አይፈቀድለትም። ከ52 እስከ 144 ያሉት ቻናሎች የአየር ሁኔታ ራዳሮችም የሚጠቀሙባቸው በመሆናቸው፣ የራዳር ደንቡን የሚያከብር ራውተር በእነሱ ላይ ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ 60 ሰከንድ ዝም ብሎ ማዳመጥ አለበት። በዚያች አንድ ደቂቃ ውስጥ የቤቱ ስልኮች ሁሉ፣ ቴሌቪዥኑም ጭምር፣ ብቸኛ ሆኖ ያገኙትን 2.4ን ይይዛሉ። 5 ሲነሳ ማንም አይጠብቀውም። “መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ ኢንተርኔቱ ይዘገያል” ብለው የሚያማርሩ ሰዎች ካሉ ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ ሊሆን ይችላል።

እንዴት ይታወቃል?

በአንድሮይድ ስልክ የዋይፋይ ቅንብር ውስጥ ገብተው የተገናኙበትን ስም ወይም አጠገቡ ያለውን የጥርስ ምልክት ይንኩ። በብዙ ስልኮች ላይ “Frequency” በሚለው ፊት 2.4 GHz ወይም 5 GHz ተብሎ ተጽፎ ያገኛሉ። “Link speed” የሚል ካለም ይመልከቱት። ከራውተሩ አጠገብ ተቀምጠው 72 ወይም ከዚያ በታች ካነበቡ ያሉት በ2.4 ላይ ነው ማለት ይቻላል። አይፎን ይህን በቅንብሩ ውስጥ በቀጥታ አያሳይም፤ ለአይፎን ቀላሉ መንገድ የሚከተለው ሙከራ ነው።

ከራውተሩ 3 ወይም 4 ሜትር ርቀት ላይ ቁጭ ብለው ፍጥነቱን በአንድ የመለኪያ ገጽ ይለኩ። ከዚያ ከቅንብሩ ውስጥ ገብተው ዋይፋዩን አጥፍተው አሥር ሰከንድ ቆይተው መልሰው ያብሩትና እንደገና ይለኩ። ስልክ እንደ አዲስ ሲገናኝ፣ ሁለቱም ሞገዶች ጠንካራ ከሆኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ 5ን ያስቀድማል። ፍጥነቱ በእጥፍና ከዚያ በላይ ከዘለለ ስልኩ ቀድሞ በ2.4 ላይ ተጣብቆ ነበር ማለት ነው። ካልተለወጠ ምክንያቱን ሌላ ቦታ ይፈልጉ።

የቆሼዋ ልጅ ይህን ሙከራ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሠርታዋለች። የቤቱ ውል 40 ሜጋ ቢት ነው። ከጓሮ እንደተመለሰች ሳሎን ውስጥ የለካችው 14 ነበር። ዋይፋዩን አጥፍታ ካበራች በኋላ እዚያው ወንበር ላይ 37 ሆነ። አባት ሊጨምሩ ያሰቡት ክፍያ 14ቱን አንድም አያሳድገውም ነበር፤ የጠበበው ከውጭ የሚመጣው መስመር ሳይሆን በራውተሩና በስልኩ መካከል ያለው አየር ነውና።

ስልኩን እንዴት መምራት ይቻላል?

ማጥፋትና ማብራት ለዛሬ ይበቃል፤ ነገ ግን ይደገማል። ዘላቂው መፍትሔ ከራውተሩ በኩል ነው። በራውተሩ ጀርባ ወይም ሆድ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ የቅንብር ገጹ አድራሻና የይለፍ ቃሉ ይገኛሉ። አድራሻው ብዙውን ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.100.1 ነው። ምንም ነገር ከመቀየርዎ በፊት የነበረውን ገጽ በስልክ ፎቶ ያንሱ፤ ከተሳሳቱ ወደ ነበረበት ለመመለስ ይረዳዎታል።

*መጀመሪያ ቦታውን ያስተካክሉ።* በቆሼው ቤት ራውተሩ የነበረው በሱቁና በሳሎኑ መካከል ባለው ጥግ፣ በቡፌው ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ነው። ገመዱ የገባው በዚያ በኩል ስለሆነ ማንም ሌላ ቦታ አላሰበለትም። ቴሌቪዥን ከኋላው ብረት ያለው ሰፊ ጋሻ ነው፤ የቡፌው መስታወትና ሳህንም ይጨምርበታል። ራውተሩን ከቡፌው አውጥተው በጓሮ በኩል ወዳለው የሳሎን ግድግዳ፣ ከሰው ቁመት ከፍ ብሎ፣ በ8 ሜትር ገመድ አዛወሩት። በሰርቪሱ ክፍል የ5 ንባብ ከ−83 ወደ −76 ተሻሻለ። ይህ ክፍሉን ለመሸፈን አይበቃም፤ ነገር ግን 5 በግቢው መካከልና በወጥ ቤቱ በር ድረስ የሚያገለግል ሆነ። ስልኮች ወደ 2.4 የሚሻገሩበት ድንበር ራቀ ማለት ነው።

*ቀጥሎ የ5ን ቻናል ይወስኑ።* በቅንብር ገጹ ላይ “WLAN” ከሚለው ሥር የ5 ጊጋኸርዙን ክፍል ይክፈቱ። “Channel” የሚለው “Auto” ላይ ከሆነ ወደ 36፣ 40፣ 44 ወይም 48 ይቀይሩት። በእነዚህ አራቱ ላይ ራዳርን ማዳመጥ ግዴታ ስላልሆነ፣ መብራት ሲመጣ 5 ከ2.4 ጋር እኩል ይነሳል። እዚያው በ2.4 በኩል ቻናሉን ከ1፣ ከ6 ወይም ከ11 አንዱን፣ “Channel Width” የሚለውን ደግሞ 20 MHz ያድርጉት። ሰፋ ያለው 40 MHz በወረቀት ላይ ፈጣን ይመስላል፤ ጎረቤት ባለበት ግን ከጠባቡ መንገድ አብዛኛውን ስለሚይዝ ግጭትን ያበዛል።

*ሦስተኛው የስም ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይጠይቃል።* ብዙ ባለሙያዎች የመጀመሪያ ምክር አድርገው የሚሰጡት ሁለቱን ሞገዶች በተለያየ ስም መጥራት ነው፤ ለምሳሌ አንዱን Bet፣ ሌላውን Bet_5G። (እዚህ ያለው 5G ከሞባይል ኔትወርኩ አምስተኛ ትውልድ ጋር ግንኙነት የለውም።) ይህ ምክር ከቦታቸው ለማይንቀሳቀሱ ዕቃዎች በጣም ጥሩ ነው። ቴሌቪዥኑንና የሳሎኑን ላፕቶፕ Bet_5G ላይ ብቻ ያገናኙና ሌላውን ስም “Forget” ብለው ያስረሱት፤ ከዚያ በኋላ ወደ 2.4 የሚሄዱበት መንገድ የለም።

ለሚንቀሳቀስ ስልክ ግን የተለየ ስም ችግሩን ሊያብሰው ይችላል። ስልክ በአንድ ስም ሥር ያሉ ሞገዶችን እንደ አንድ ቤት ሁለት በሮች ይቆጥራል፤ የተለያየ ስም ያላቸውን ግን እንደ ሁለት የተለያዩ ቤቶች። ከአንዱ ስም ወደ ሌላው የሚሻገረው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ሲቋረጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ስሞች የተመዘገቡበት ስልክ ወደ ጓሮ ሲሄድ እስከ መጨረሻው 5ን ሙጭጭ ብሎ ይይዛል፤ ከተቋረጠ በኋላ ወደ 2.4 ይገባል፤ ሲመለስ ደግሞ 2.4 በሳሎን ስለማይቋረጥ እዚያው ይቀራል።

ታዲያ ቀላሉ ክፍፍል ይህ ነው፦ ሁለቱንም ሞገዶች በአንድ ስም ይተዉና፣ ራውተርዎ የሚፈቅድ ከሆነ ለማይንቀሳቀሱት ዕቃዎች ብቻ በ5 ላይ ተጨማሪ ስም ይክፈቱ። በብዙ ራውተሮች ላይ “SSID” የሚለው ዝርዝር ከአንድ በላይ ስም ለመክፈት ያስችላል።

*አራተኛ፣ የ2.4ን ድምፅ ዝቅ ያድርጉ።* በቅንብሩ ውስጥ “Transmit Power” የሚል ካለ፣ የ2.4ን ብቻ ከ100% ወደ 50% ያውርዱ። ይህ ጉልበቱን በ3 ዴሲቤል ይቀንሰዋል፤ ወደ 25% ቢያወርዱት በ6። የዚህ ጥቅሙ ሁለት ነው። ስልኩ ከውጭ ሲገባ 2.4ን ከግቢው በር ላይ ከመያዝ ይልቅ ወደ ቤቱ ቀረብ ብሎ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይሰማል፤ ያን ጊዜ የመምረጥ ዕድል ያገኛል። ሁለተኛ፣ በግቢው መካከል 2.4 ወደ ገደቡ ስለሚጠጋ ስልኩ ሌላ ለመፈለግ ይነሳሳል። ነገር ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ በሰርቪሱ ክፍል የነበረው −68 በ6 ቢቀንስ −74 ይሆናልና እዚያ ያለው ሰው ይጎዳል። ስለዚህ አንድ እርምጃ አውርደው በሩቁ ክፍል ከለኩ በኋላ ብቻ ወደ ሁለተኛው ይሂዱ።

በአዳዲስ ራውተሮች ላይ “Band Steering” ወይም “Smart Connect” የሚል ምርጫም አለ። ሲበራ ራውተሩ ሁለቱንም ሞገዶች የሚችል ስልክ መሆኑን ካየ በ2.4 በኩል ለሚመጣው ጥያቄ ቶሎ አይመልስም፤ ወይም “5 ይሻልሃል” የሚል ጥቆማ ይልክለታል። ጥቆማ ነው እንጂ ትእዛዝ አይደለም፤ ስልኩ እምቢ ማለት ይችላል። ካበሩት በኋላ አንዳንድ ዕቃ፣ በተለይ ርካሽ ካሜራና የቆየ ፕሪንተር፣ መገናኘት ካቃተው መልሰው ያጥፉት። 2.4ን ጭራሽ ማጥፋትም በዚሁ ምክንያት አይመከርም፤ እንዲህ ያሉ ዕቃዎች ብዙዎቹ ሌላ ሞገድ አያውቁም።

ለሩቁ ክፍል

እስካሁን ያልነው ሁሉ ልጅቷ ወደ ሳሎን ስትመጣ ይጠቅማታል። የምታጠናው ግን ጓሮ ነው፤ እዚያ 5 ስለማይደርስ መምራት ብቻውን አይበቃም። እዚያ በ2.4 የለካችው ፍጥነት 6 ሜጋ ቢት ነበር።

የአንድ ሩቅ ስልክ መዘግየት የእሱ ብቻ አለመሆኑንም ማወቅ ይጠቅማል። በአንድ ሞገድ ላይ ያሉ ዕቃዎች የሚናገሩት በየተራ ነው። ሩቅ ያለው ስልክ ተመሳሳይ ቪዲዮ ለመቀበል ብዙ እጥፍ ጊዜ ይወስዳል፤ በዚያ ጊዜ በ2.4 ላይ ያሉት ሌሎች ሁሉ ይጠብቃሉ። የሱቁ ክፍያ በስልክ አልሄድ የሚለው፣ ልጅቷ ጓሮ ቪዲዮ በከፈተችበት ሰዓት ሊሆን ይችላል።

ለእንዲህ ያለው ክፍል በየኤሌክትሮኒክስ መደብሩ የሚሸጠው ሶኬት ላይ የሚሰካ ሪፒተር ቶሎ ዓይን ይስባል። ሪፒተር ግን ከራውተሩ የሰማውን በአየር መልሶ የሚናገር ነው። በአንዱ ሞገድ እየሰማ በዚያው ሞገድ ከተናገረ ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ በሰርቪሱ ክፍል ውስጥ ከተሰካ ደግሞ የሚደግመው ያንኑ የደከመ ሲግናል ነው። የግድ ከሆነ የሚሰካው በመካከለኛው ርቀት፣ የ5 ሲግናል ገና ከ−65 ባልወረደበት ቦታ ነው።

የሚሻለው ገመድ ነው። የኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ ፍጥነቱ አይቀንስም። በቆሼው ቤት 25 ሜትር ገመድ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አድርገው በአጥሩ ጥግ ወደ ሰርቪሱ ዘረጉና፣ ጫፉ ላይ በአክሰስ ፖይንትነት የሚሠራ ሁለተኛ ራውተር ሰኩ። በዚህ አጋጣሚ ሦስት ነገር ማስተካከል ያስፈልጋል። ሁለተኛው ራውተር “Access Point” ወይም “AP” በሚባለው አሠራር ላይ ይሁን፤ ስሙና የይለፍ ቃሉ ከሳሎኑ ጋር አንድ ዓይነት ይሁን፤ የ2.4 ቻናሉ ግን የተለየ ይሁን፤ የሳሎኑ 1 ከሆነ የጓሮው 6 ወይም 11። አሁን ክፍሉ የራሱ 5 ስላለው ስልኩ ወደ 2.4 የሚሻገርበት ምክንያት አነሰ። በመጨረሻው መለኪያ ልጅቷ በጥናት ጠረጴዛዋ ላይ ያገኘችው 35 ነው። ፓኬጁ አልተቀየረም።

ይህ ሁሉ የማይሠራው መቼ ነው?

ሦስት ሁኔታዎች አሉ። የመጀመሪያው ራውተርዎ በ2.4 ብቻ የሚሠራ ሲሆን ነው። በተለጠፈው ወረቀት ወይም በካርቶኑ ላይ “802.11” ከሚለው በኋላ “b/g/n” ብቻ ካለ ብዙውን ጊዜ 5 የለውም፤ “ac” ካለበት በእርግጥ አለው። በስልክ መስመር የሚገቡ የቆዩ ሞደሞች ብዙዎቹ ከመጀመሪያዎቹ ናቸው።

ሁለተኛው ስልኩ ራሱ 5ን የማይችል ሲሆን ነው። ይህን ለማረጋገጥ ለጊዜው የ5ን ስም ለየት አድርገው ከራውተሩ አጠገብ ይፈልጉት። ሌላ ስልክ እያየው የእርስዎ ካላየው መምራት የሚባል ነገር የለም። ቻናሉን ግን መጀመሪያ ከ36 እስከ 48 ባለው ውስጥ ያድርጉ፤ ከፍ ያሉትን ቻናሎች የማያዩ ስልኮችም አሉና።

ሦስተኛውና ብዙዎች የሚረሱት የውሉ መጠን ነው። ወደ ቤትዎ የሚገባው 5 ወይም 10 ሜጋ ቢት ከሆነ፣ ሳሎን ውስጥ 2.4 ያንን በምቾት ያደርሳል። ያን ጊዜ ስልኩ በየትኛው ሞገድ ቢሆን ልዩነቱ አይታይዎትም፤ ፓኬጁን ማሳደግ ትርጉም የሚኖረውም እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ወደ ክፍያ ከመሄድዎ በፊት ከራውተሩ አጠገብ ቁጭ ብለው፣ ዋይፋዩን አጥፍተው አብርተው፣ ይለኩ። ያገኙት ቁጥር ከውልዎ ጋር የተጠጋ ከሆነ መስመሩ የሚችለውን እየሰጠ ነው፤ ለውጥ ከፈለጉ ውሉን ያሳድጉ። ቁጥሩ አጠገቡ ደህና ሆኖ ራቅ ሲሉ ወይም ከሩቅ ሲመለሱ የሚወርድ ከሆነ ግን መፍትሔው ያለው ከቡፌው ጀርባ ነው።